ጭብጡ ከተሳታፊው ነው ወይስ ከተመራማሪው? የቃለ መጠይቅ ጥናት ካለቀ በኋላ የሚነሣው ጥያቄና እንዴት እንደሚመለስ

የቃለ መጠይቅ ጥናት ቀርቦ ሲያበቃ ከገምጋሚዎች የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «እነዚህን ጭብጦች እንዴት አገኛችኋቸው? ሌላ ሰው ያንኑ ቃለ መጠይቅ ቢያነብ እነዚህኑ ያገኝ ነበር?» የሚሰጠውም መልስ እንዲሁ የተለመደ ነው፦ «የቃለ መጠይቆቹን ግልባጮች ደጋግመን አነበብን፤ ለእያንዳንዱ የንግግር ክፍል ኮድ፣ ማለትም አጭር መለያ ስም፣ ሰጠን፤ ተመሳሳይ ኮዶችን ስንሰበስብ ጭብጦቹ ወጡ።» ገምጋሚው የጠየቀው ግን ይህን አይደለም። ጭብጥ በራሱ ከግልባጭ ተነሥቶ አይመጣም። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ይህን ንግግር ከዚያኛው ጋር ላስቀምጠው፣ ስሙንም እንዲህ ልበለው ብሎ ወስኗል። የሚፈለገው ያ ውሳኔ የት ቦታ እንደተወሰነና በምን ላይ እንደቆመ ነው።

«አድልዎ አለባችሁ ወይስ የለባችሁም?» የሚለው ክርክር የትም አያደርስም። ተመራማሪ ሙያ፣ ልምድና ግምት ይዞ ነው ወደ መረጃው የሚገባው፤ ባዶ ሆኖ የሚገባ የለም። ሊመረመር የሚችለው ሌላ ነገር ነው፦ መረጃው የተመራማሪውን ግምት እምቢ የማለት ዕድል አግኝቶ ነበር ወይ? ይህ ጥያቄ በእያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ድምፁ፣ ግልባጩና የኮድ ፋይሉ እስካሉ ድረስ ጥናቱ ካለቀ በኋላም መልስ ያገኛል።

ነገሩን ለማሳየት ያህል አንድ የታሰበ ጥናት እንያዝ። ዓላማው የደም ግፊት ሕመምተኞች የክትትል ቀጠሯቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ማወቅ ነው። 20 ሰዎች ተጠይቀዋል። የጠየቀቻቸው በዚያው የክትትል ክፍል ለዓመታት የሠራች ነርስ ናት፤ ኮድ የሰጡት እሷና አንድ ሌላ ባልደረባ ናቸው። ሪፖርቱ አራት ጭብጦች አሉት፦ የግንዛቤ ማነስ፣ ቸልተኝነት፣ የጊዜ ጥበትና የአገልግሎት ችግር። ገምጋሚው ጣቱን ያሳረፈው ሁለተኛው ላይ ነው፦ «ቸልተኝነት ያላችሁት የተሳታፊዎቹ ቃል ነው ወይስ የእናንተ ፍርድ?»

ከአንድ ንግግር ይጀመር

ለዚህ ጥያቄ ስለ ዘዴው በጥቅሉ ማብራራት መልስ አይሆንም። ጭብጡን ከተሸከሙት ጥቅሶች አንዱን አንስቶ የሄደበትን መንገድ መከተል ነው የሚሻለው። ተሳታፊ 7 ያለው ይህ ነው፦

«ቀጠሮዬ ሲደርስ ደህና ነበርኩ፤ ምንም አላመመኝም። ሥራም ነበረኝ። ብሄድስ? ለክተውኝ ያንኑ መድኃኒት ነው የሚሰጡኝ። ስለዚህ ተውኩት።»

ይህ ንግግር «ቸልተኝነት» የሚል ኮድ ተሰጥቶታል። ሰውዬው የተናገረው ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው። ሕመም ካልተሰማኝ ደህና ነኝ ብሏል። በዚያ ቀን ሥራውን አስቀድሟል። መሄዱ የሚያስገኝለትን ነገር መዝኖም አዲስ ነገር እንደማያገኝ ደምድሟል። ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ቸልተኝነት ማለት የተደረገውን አይገልጽም፤ ያደረገውን ሰው ይዳኛል። የመጨረሻው ነጥብ፣ ማለትም ጉብኝቱ አንድ ዓይነት ውጤት ብቻ እንዳለው መመዘኑ፣ የቸልተኛ ሰው ሳይሆን ያሰበበት ሰው ሥራ ነው። ከአራቱ ጭብጦች በአንዱም ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ልዩነቱ የአጻጻፍ ጣዕም ጉዳይ እንዳይመስል ውጤቱን ማየት ይገባል። ቸልተኝነት የሚል ጭብጥ የያዘ ሪፖርት የሚሰጠው ምክረ ሐሳብ «ሕመምተኞችን ማስተማር» ነው። «ጉብኝቱ አዲስ ነገር አይሰጥም ብሎ መመዘን» የሚል ኮድ ቢያዝ ኖሮ ምክረ ሐሳቡ ወደ አገልግሎቱ ያመራል፦ መድኃኒቱ ያልተለወጠበት ሰው በየወሩ መመላለስ አለበት ወይ? አንዱ ዓረፍተ ነገር ሕመምተኛውን እንዲለወጥ፣ ሌላው ክሊኒኩን እንዲለወጥ ይጠይቃል። ምርጫው የተደረገው ደግሞ ኮዱ በተሰየመበት ቅጽበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻ ቀላል ነው። የኮዶቹን ዝርዝር አውጥቶ እያንዳንዱን ስም «ይህ የተደረገን ነገር ይገልጻል ወይስ ሰውን ይመዝናል?» ብሎ መጠየቅ። ቸልተኝነት፣ ስንፍና፣ ግትርነት፣ የተሳሳተ አመለካከት፣ አልፎ ተርፎም የግንዛቤ ማነስ ሁሉም መዛኝ ስሞች ናቸው፤ ከተናጋሪው ውጭ የቆመ ሰው የሚሰጣቸው ናቸው። ንድፈ ሐሳብን ከመረጃው በሚያነሣው የግራውንድድ ቲዎሪ የምርምር ዘዴ የምትታወቀው ካቲ ቻርማዝ ኮድ በድርጊት ቃል እንዲሰየም የምትመክረው በዚህ ምክንያት ነው፦ «ማስቀደም»፣ «መመዘን»፣ «መጠበቅ»፣ «መደበቅ»። የድርጊት ስም ኮድ ሰጪውን ወደ ንግግሩ እንዲጠጋ ያስገድደዋል። ፍርድ መስጠት ክልክል ነው ማለት አይደለም። ትንታኔ ያለ ፍርድ አይሆንም። ነገር ግን ፍርዱ መምጣት ያለበት ብዙ ገላጭ ኮዶች ጎን ለጎን ከተቀመጡ በኋላ፣ ማስረጃውም አብሮ ሊታይ በሚችልበት ደረጃ ላይ ነው። በመጀመሪያው ኮድ ላይ ከገባ በኋላ የሚመጣው ሁሉ እሱን ይደግማል።

ቃሉን መጀመሪያ ማን አነሣው?

ብዙ ሰው አድልዎን የሚፈልገው ኮድ አሰጣጡ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄው አለ። በምሳሌያችን የቃለ መጠይቅ መመሪያው የሚጀምረው «እስካሁን ክትትልዎ እንዴት ሄደ?» በሚል ክፍት ጥያቄ ነው። አራተኛው ጥያቄ ግን እንዲህ ይላል፦ «ቀጠሮዎን ቸል እንዲሉ ያደረገዎት ምንድን ነው?» እዚህ ላይ ጭብጡ ሳይጠየቅ ተሰጥቷል። ተሳታፊው «አዎ፣ ትንሽ ቸል ብያለሁ» ሲል የጥያቄውን ቃል ነው የሚመልሰው።

ይህን ለመለካት ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልግም። በአንድ ኮድ ሥር የተሰበሰቡትን ጥቅሶች በሙሉ ይያዙ። ከእያንዳንዱ ጥቅስ ወደ ላይ አሥር ያህል መስመር ተመልሰው ግልባጩን ያንብቡ። ከዚያ ጥቅሱን ከሦስት ምድቦች በአንዱ ያስቀምጡ፦ ተሳታፊው ማንም ሳይጠይቀው ያነሣው፣ ገለልተኛ ጥያቄ ተከትሎ የመጣ፣ ወይም ጠያቂው ሐሳቡን ካቀረበ በኋላ የተስማማበት። በምሳሌያችን «ቸልተኝነት» ሥር 26 ጥቅሶች ከ11 ተሳታፊዎች ተሰብስበዋል። ሲመደቡ 5ቱ በራሳቸው የተነሡ፣ 12ቱ ገለልተኛ ጥያቄን የተከተሉ፣ 9ኙ ደግሞ ከአራተኛው ጥያቄ በኋላ የተሰጡ ስምምነቶች ሆነው ተገኙ። ዘጠኙ ስለ ተሳታፊው የሚናገሩት ነገር በጣም ጥቂት ስለሆነ ከጭብጡ ማስረጃነት መውጣት አለባቸው። እነሱ ሲወጡ 17 ጥቅሶች ከ7 ሰዎች ይቀራሉ። ጭብጡ አልሞተም፤ ግን «ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተሳታፊዎች» የሚለው የሪፖርቱ ዓረፍተ ነገር ከእንግዲህ እውነት አይደለም።

ከጥያቄው ቃል ሌላ ዝምታውም ይመረመራል። ተሳታፊ 12 እንዲህ ትላለች፦ «ባለፈው እንኳ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆሜ ካርዴ ጠፋ ተባልኩ።» ጠያቂዋ ምላሽ የሰጠችው «እሺ፤ መድኃኒቱን ግን በሰዓቱ ይወስዳሉ?» በሚል ነው። ተጨማሪ ጥያቄ አልቀረበም፤ ወሬው እዚያው ተቆረጠ። በአንጻሩ ስለ መርሳትና ስለ መዘግየት የተናገረ ሰው ሁሉ «እስቲ እሱን ያብራሩልኝ» ተብሏል። በዚህ ምክንያት በግልባጩ ላይ ስለ መርሳት ገጾች ተጽፈዋል፤ ስለ መጉላላት የተጻፈው ግን ቁርጥራጭ ነው። ኮድ ሰጪው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን የመጀመሪያውን ጭብጥ ጠንካራ፣ ሁለተኛውን ደካማ አድርጎ ማግኘቱ አይቀርም። በግልባጩ ጠርዝ ላይ ጠያቂዋ «ያብራሩልኝ» ያለችባቸውን ቦታዎች በአንድ ቀለም፣ ርእስ የቀየረችባቸውን በሌላ ቀለም ማስመር ይህን በአንድ ከሰዓት ያሳያል።

ማን እንደጠየቀም ይታሰብ። ነርስ ፊት ተቀምጦ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ጨዋነት ነው። ሰውዬው ነገ ተመልሶ ሊታከም የሚመጣው እዚያው ክፍል ነው። «ጥፋቱ የእናንተ ነው» ማለት ግን ዋጋ ያስከፍላል ብሎ ሊሰጋ ይችላል። ስለዚህ ተሳታፊ ራሱን የወቀሰበት ንግግር ከጠያቂው ማንነት ጋር አብሮ ካልተነበበ ከሚገባው በላይ ክብደት ይሰጠዋል።

የኮድ መዝገቡ ምን ይናገራል?

ገምጋሚ ሊያየው ከሚገባው ሰነድ ሁሉ የበለጠ የሚናገረው የኮድ መዝገቡ ነው፤ በተለይም የቆዩ ቅጂዎቹ። የኮዶችን ስም በዝርዝር ማስቀመጥ ብቻውን መዝገብ አያሰኘውም። ካትሊን ማክዊንና ባልደረቦቿ በ1998 እ.ኤ.አ ያቀረቡትና እስካሁን በስፋት የሚሠራበት አቀራረብ ለእያንዳንዱ ኮድ ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ ስም፣ አጭር ፍቺ፣ ሙሉ ፍቺ፣ መቼ እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደማይሰጥ፣ ምሳሌ ጥቅስ። ከስድስቱ ሥራውን የሚሠራው አምስተኛው ነው። በጥናታችን «ቸልተኝነት» የነበረው ፍቺ «ተሳታፊው ለቀጠሮው ትኩረት አለመስጠቱ» የሚል ብቻ ነበር። መቼ እንደማይሰጥ አልተጻፈም። እንዲህ ያለ ኮድ አፉ ሰፊ ነው፤ ያልሄደ ሰው ሁሉ ይገባበታል።

በቦታው የሚገባው ኮድ ቢጻፍ ይህን ይመስላል። ስሙ «የጉብኝቱን ጥቅም መዝኖ መተው»። የሚሰጠው ተሳታፊው መሄድ የሚያስገኘውንና የሚያስወጣውን አወዳድሮ አለመሄዱን ሲናገር ነው። የማይሰጠው ቀጠሮውን ረስቶ ከሆነ፣ መሄድ ፈልጎ መንገድ ወይም ገንዘብ ከልክሎት ከሆነ፣ ወይም «ሥራ ነበረኝ» ብቻ ብሎ ማወዳደሩን ካልተናገረ። ምሳሌው ተሳታፊ 7 ነው። አሁን ሌላ ሰው ይህን ይዞ ቢሠራ ከእኛ ጋር የት ቦታ ላይ እንደሚለያይ ማሳየት ይችላል። ፍቺ የሌለው ኮድ ላይ ግን መለያየት እንኳ አይቻልም።

መዝገቡ በሥራ መሀል መለወጡ ጤናማ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ፍቺው ተለውጦ ቀድመው የተሠሩት ግልባጮች ሳይታዩ ሲቀሩ ነው። በ9ኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ፍቺው ከሰፋ የመጀመሪያዎቹ 8 በአሮጌው፣ የቀሩት 12 በአዲሱ ተሠርተዋል ማለት ነው። ይህ ሲፈጠር ምልክት ይተዋል። ግልባጮቹን በተሠሩበት ቅደም ተከተል አሰልፎ የኮዱን ብዛት ማየት ይበቃል። አንድ ኮድ ከመሀል ጀምሮ በድንገት ከበዛ ወይ የሚጠየቀው ጥያቄ ተለውጧል፣ ወይ ኮድ ሰጪው ተለውጧል፣ ወይ በእርግጥ የተለየ ዓይነት ሰዎች መጥተዋል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ግልባጮችን አሮጌው ኮድ ሳይታይ እንደገና መሥራትና ማወዳደር ነው።

90 በመቶ ተስማምተናል ማለት ምን ማለት ነው?

ስለ አድልዎ ሲጠየቁ ብዙ ቡድኖች ቁጥር ያወጣሉ። «ሁለት ሰዎች ለየብቻ ኮድ ሰጥተን 90 በመቶ ተስማማን።» ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚመልሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

በምሳሌያችን ሁለቱ ኮድ ሰጪዎች 100 የንግግር ክፍሎችን ለየብቻ አይተው «ቸልተኝነት ነው ወይስ አይደለም» ብለዋል። በ10ሩ ሁለቱም ነው አሉ፤ በ80ው ሁለቱም አይደለም አሉ። በ6ቱ ነርሷ ብቻ፣ በ4ቱ ባልደረባው ብቻ ነው አሉ። ስለዚህ 90 በመቶ ተስማምተዋል። ነገር ግን ኮዱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ ሁለት ሰዎች ሳያነቡ በዘፈቀደ ቢሠሩ እንኳ አብዛኛውን «አይደለም» ብለው መገናኘታቸው አይቀርም። ጄከብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ ያቀረበው ካፓ (κ) የሚባል የመስማማት መለኪያ ይህን የዕድል መገናኘት ይቀንሳል። ነርሷ ኮዱን 16 ጊዜ፣ ባልደረባው 14 ጊዜ ሰጥተዋል። በዕድል ብቻ የሚገናኙበት ድርሻ 0.16×0.14 ሲደመር 0.84×0.86፣ ማለትም 0.745 ያህል ነው። ስለዚህ፦

```
κ = (0.90 − 0.745) / (1 − 0.745) = 0.61
```

ከ90 በመቶ ወደ 0.61 ወረደ። ላንዲስና ኮክ በ1977 እ.ኤ.አ ባወጡት የታወቀ ሠንጠረዥ ከ0.61 እስከ 0.80 ያለው «ጥሩ መስማማት» ተብሎ ይመደባል። ባለቤቶቹ ራሳቸው ድንበሮቹ በዘፈቀደ የተሰመሩ መሆናቸውን ስለተናገሩ ከድንበሩ በላይ መገኘት እንደ ማረጋገጫ ሊያዝ አይገባም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው አሥሩን አለመስማማት አንድ በአንድ ማንበብ ነው። ነርሷ ብቻዋን ኮድ ከሰጠችባቸው ስድስቱ አምስቱ ተሳታፊው ስለ ሥራው ወይም ስለ ወረፋው የተናገረባቸው ክፍሎች ሆነው ተገኙ። ባልደረባው ብቻውን የሰጠባቸው አራቱ ግን ምንም የሚያመሳስላቸው ነገር የለም። የባልደረባው ስሕተት የተበተነ ነው፤ የነርሷ ግን አቅጣጫ አለው። አድልዎ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ አንዱ ወገን ደጋግሞ በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል።

መስማማትም በራሱ ንጽህናን አያሳይም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሙያ ከሠለጠኑ፣ መዝገቡን አብረው ከጻፉ፣ አለመስማማታቸውንም «ተወያይተን ፈታነው» ካሉ ካፓው 0.90 ቢደርስ አንድን አመለካከት አብረው እንደያዙ ብቻ ነው የሚናገረው። በተለይ «ተወያይተን ፈታነው» የሚለው ሐረግ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ አለቃ፣ ሌላው ተማሪ ከሆነ ውይይቱ የሚፈታው በማን በኩል እንደሆነ ግልጽ ነው። ማን ሐሳቡን ስንት ጊዜ እንደለወጠ መመዝገብ ይህን ያጋልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሪፖርቶች የሚወድቁበት ሌላ ነገር አለ። ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ በ2006 እ.ኤ.አ ያቀረቡትን ባለ ስድስት ደረጃ የጭብጥ ትንታኔ ተከተልን ብለው ቀጥለው ካፓ ያቀርባሉ። ሁለቱ ተመራማሪዎች አካሄዳቸው የተመራማሪውን ንባብ እንደ መሣሪያ የሚቆጥር መሆኑን፣ የኮድ ሰጪዎችን መስማማት መለካት ከዚያ ጋር እንደማይሄድ ከጊዜ በኋላ በግልጽ ጽፈዋል። መዝገብ ይዞ መስማማትን መለካትም ሌላ የተከበረ መንገድ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ግን ገምጋሚው «ጭብጥ ለእናንተ የሚገኝ ነገር ነው ወይስ የሚሠራ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያሳጣል።

ጭብጡን ለመስበር መሞከር

ከሁሉ ይልቅ የማምነው ፍተሻ ጭብጡን ሆን ብሎ ለማፍረስ መሄድ ነው። 20 ተሳታፊዎችን በረድፍ፣ ጭብጦችን በዓምድ አስቀምጦ ማን ምን እንደተናገረ መሙላት ነው መነሻው። ይህ ሠንጠረዥ ወዲያውኑ አንድ ነገር ያሳያል፦ በሪፖርቱ ውስጥ ስለ ቸልተኝነት የቀረቡት ጥቅሶች በሙሉ ከሦስት ሰዎች አፍ የመጡ ናቸው። አንደበተ ርቱዕ የሆኑት ሦስቱ ለ20ው ተናገሩ ማለት ነው።

ቀጥሎ ኮዱን ያልተሸከሙትን ዘጠኝ ግልባጮች እንደገና ማንበብ ይገባል፤ አሁን ግን በአንድ ጥያቄ ብቻ፦ ይህ ሰው ስለ ጭብጡ የሚነግረኝ ምንድን ነው? በምሳሌያችን ከዘጠኙ አራቱ ቀጠሯቸውን ካቋረጡ በኋላም አሮጌውን ማዘዣ ይዘው መድኃኒታቸውን በራሳቸው እየገዙ የሚወስዱ ሆነው ተገኙ። አንዱ ቤቱ የደም ግፊት መለኪያ አለው። እነዚህ ሰዎች ለበሽታቸው ግድ የሌላቸው ሊባሉ በምንም መንገድ አይችሉም። ይህ ንግግር በመጀመሪያው ዙር «ሌላ» የሚል ኮድ ተሰጥቶት ነበር። «ሌላ» የሚለው ኮድ ሁልጊዜ መከፈት አለበት፤ የማይስማማን ነገር የሚከማችበት ቦታ እሱ ነውና።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥቅሶቹ ሲመለሱ ተሳታፊ 7 ራሱ ሌላ ሰው ይሆናል። «ያንኑ መድኃኒት ነው የሚሰጡኝ» ያለው መድኃኒቱን ስለጠላ አይደለም፤ ለማግኘት መሰለፉ አስፈላጊ ስላልመሰለው ነው። ጭብጡም «ክትትሉን መተው ሕክምናውን መተው አይደለም» ወደሚል ይዞራል። ከቀሩት 17 ጥቅሶች አብዛኞቹን ይይዛል፤ አራቱን ተቃራኒ ሰዎችም ያስረዳል። በእርግጥ በግዴለሽነት ተውኩት ያሉ ሁለት ሰዎች ከዚህ ጭብጥ ውጭ ይቀራሉ፤ ሪፖርቱ ውስጥ እንደ ልዩነት መጻፍ አለባቸው እንጂ ለውበት ሲባል መደበቅ የለባቸውም።

ለተሳታፊዎች ውጤቱን አሳይተን አረጋገጥን የሚለው መልስ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። ሰው በአክብሮት የተነበበለትን ማጠቃለያ አይቃወምም። የሚደረግ ከሆነ «ልክ ነው ወይ?» ሳይሆን «የአንተ ነገር እዚህ ውስጥ የማይገባው የቱ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ይሻላል።

በሪፖርቱ ላይ ምን ይጻፍ?

«ተመራማሪዎቹ የግል አመለካከታቸውን ወደ ጎን አድርገው ሠርተዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይናገርም። በ2007 እ.ኤ.አ የወጣው ባለ 32 ነጥቡ ኮሬክ የሚባለው የቃለ መጠይቅ ጥናት ሪፖርት ማመሳከሪያ ዝርዝር የጠያቂውን ሙያ፣ ከተሳታፊዎች ጋር የነበረውን ግንኙነት፣ ስንት ሰው ኮድ እንደሰጠ፣ ጭብጦቹ አስቀድመው የተያዙ ወይም ከመረጃው የመጡ መሆናቸውን እንዲገለጽ ይጠይቃል። እነዚህን ነጥቦች በአንድ ቃል መሙላት ይቻላል፤ ጥቅሙ ግን በውጤቱ ላይ ያሳረፉትን ነገር ሲናገሩ ነው። ለጥናታችን የሚበቃው እንዲህ ያለ አንቀጽ ነው፦

«ጠያቂዋ በክትትል ክፍሉ የምትሠራ ነርስ ስትሆን ሥራውን የጀመረችው ሕመምተኞች ቀጠሮ የሚያቋርጡት በግዴለሽነት ነው በሚል ግምት ነው። አራተኛው ጥያቄ ይህን ግምት ይዟል። ስለዚህ ከእሱ በኋላ የተሰጡ 9 የስምምነት መልሶች ከትንታኔው ወጥተዋል። ‹ቸልተኝነት› የሚለው የመጀመሪያ ጭብጥ አራት ተቃራኒ ግልባጮች ከታዩ በኋላ ተለውጧል፤ የቀድሞውና የአሁኑ የኮድ መዝገብ ተያይዟል።»

ይህን የሚያነብ ገምጋሚ የሚከራከርበት ነገር ያገኛል፤ ክርክሩም ስለ ሰዎቹ ንጽህና ሳይሆን ስለ ሥራው ይሆናል። እንዲህ ብሎ ለመጻፍ ግን የመጀመሪያው ግምት ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት በቀን ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ካለቀ በኋላ «ግምቴ ምን ነበር?» ብሎ ማስታወስ አስተማማኝ አይደለም፤ ሰው ግምቱን ባገኘው ውጤት መጠን አስተካክሎ ነው የሚያስታውሰው። ያልተጻፈ ከሆነ የጥናቱ የመጀመሪያ ማመልከቻና የመጀመሪያው የመመሪያ ረቂቅ የተሻሉ ምስክሮች ናቸው።

በድጋሚ ኮድ አሰጣጥ የማይስተካከልም አለ። ተሳታፊ 12 ስለ ጠፋው ካርዷ ተጨማሪ ስላልተጠየቀች ምን ልትል እንደነበር ከግልባጩ ማውጣት አይቻልም። በመሆኑም ይህ ጥናት «የአገልግሎት ችግር አነስተኛ ምክንያት ነው» ሊል አይችልም። ሊል የሚችለው ተሳታፊዎች ሳይጠየቁ እንዳነሡትና ጠያቂዋ እንዳልተከታተለችው ብቻ ነው። የምር መልስ ከተፈለገ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ተሻሽሎ፣ ከክፍሉ ውጭ የሆነ ሰው አራት ወይም አምስት ተጨማሪ ቃለ መጠይቅ ያድርግ፤ አራተኛው ጥያቄም ይቀየር፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ሳይሄዱ የቀሩበትን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይንገሩኝ።»